ጥላ ያለበትን ሰዓት የጻፍኩበት ደብተር

እሑድ ኅዳር 19 ቀን 1975 ዓ.ም. ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ ከጎፋ በታች ባለው ወንዝ ዳር፣ ከድልድዩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ሰዓቱን በትክክል የማውቀው በዚያች ደቂቃ ደብተሬ ላይ እየጻፍኩት ስለነበር ነው። ያን ቀን እስከ ዛሬ ያልረሳሁት ስለፈራሁ ብቻ አይደለም። ስለ አንድ ሰው ማወቅ የሚገባኝን ከምሳ ሰዓት በፊት ስላወቅሁ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ በስታቲስቲክስ ተመርቄ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። የምኖረው ጎፋ፣ ከአክስቴ ጋር ነው። ከደመወዜ የሚበልጠው አገር ቤት ወደሚማሩት ወንድሞቼ ይሄዳል። ግርማ ደግሞ በነፋስ ስልክ በኩል ባለ ፋብሪካ የግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ እናቱን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ከተዋወቅን ሁለት ወራችን ነበር።

አክስቴ ወንድ ወደ ቤቷ አታስገባም። ሻይ ቤት ደግሞ አቅማችን አልነበረም። አንድ ብርጭቆ ሻይ ይዞ ሁለት ሰዓት የሚቀመጥ ሰው አስተናጋጁ በየአሥር ደቂቃው «ሌላ ምን ልታዘዝ?» እያለ ያሳቅቀዋል። ስለዚህ የምንገናኘው ከቤት ውጪ፣ በቀን ብርሃን ነበር።

እኔ ነገርን በዘፈቀደ መሥራት አልችልም። አንድ ቦታ ከመምረጤ በፊት ብቻዬን ሄጄ አየዋለሁ። ጥላው ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ የሚቀመጡበት ድንጋይ ወይም ግንድ መኖሩን፣ ውሻ መኖሩን፣ ከብት የሚጠጣበትን ሰዓት፣ ስንት ሰው እንደሚያልፍ እጽፋለሁ። ኅዳር ላይ ጠዋት ስለሚበርድ እስከ ሦስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከዚያ በኋላ ግን ጥላ የሚያጠላበት ቦታ ይፈለጋል። እንዲህ ያለ ቦታ ብዙ አይገኝም።

ውሎ አድሮ ልማድ አወጣን። ከሰፈር አብረን አንወጣም፤ ቦታው ላይ እንገናኛለን። ስንሄድ በእግር፣ ስንመለስ ከደከመን ብቻ በአውቶቡስ ነው። እኔ ከቤት ቆሎ በወረቀት ጠቅልዬ እይዛለሁ፤ እሱ የምንቀመጥበትን አሮጌ ጋዜጣ ያመጣል። አንድ ቦታ ከሁለት ሰዓት በላይ አንቆይም፤ ሰው ዓይን ውስጥ መግባት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነውና። የቀበሌ ስብሰባ ያለበትን እሑድ እንተወዋለን።

ወንዝ ዳር ከሰለቸን ከሐዲዱ አጠገብ ወዳለው ሜዳ እንሄድ ነበር። እዚያ የሰፈር ልጆች እግር ኳስ ይጫወታሉ፤ ለማየት የሚከፈል የለም። ባቡሩ ሲያልፍ ጨዋታው ይቆማል፤ ተጫዋቹም ተመልካቹም ለተሳፋሪው እጁን ያውለበልባል። ግርማ ባቡሩን ይወደው ስለነበር የሚያልፍበትንም ሰዓት ጻፍኩት።

ከሁሉ የሚበልጠው ቦታ ግን በላፍቶ በኩል ያለው ኮረብታ ነበር። ከባሕር ዛፉ በላይ ሲወጡ ከተማው በሙሉ ከእግር ሥር ይዘረጋል። ብቻዬን ሄጄ አይቼው፣ ግማሽ ገጽ ጽፌለት፣ በኋላ ሰረዝኩት። ለምን እንደሰረዝኩት ከጎኑ በአንድ መስመር አስፍሬያለሁ።

በዚያ እሑድ ጥላው ድንጋያችን ላይ እስከ የት እንደደረሰ ከሰዓቱ ጋር ልጽፍ ደብተሩን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ግርማ ቆሎ እየቆረጠመ ይስቅብኛል።

«አሁን ይሄም ይጻፋል?»

«ባለፈው ግማሽ ሰዓት ተሳስቻለሁ።»

«አንቺ እኮ ፀሐይንም እንደ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ በፈረመችበት ሰዓት ልታስገቢያት ነው።»

ሳቁን ሳይጨርስ ከድልድዩ ላይ ጩኸት መጣ። «አንቺ! እጅሽን እንዳታንቀሳቅሺ!»

ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃ አንግተው ቁልቁለቱን ወረዱ። ረጅሙ ጥበቃ ደብተሩን ከእጄ ነጠቀኝ። ቆሞ ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ ለጓደኛው ጮክ ብሎ አነበበለት። «ድልድዩ፤ ከአራት ሰዓት በኋላ የሚያልፍ ሰው ጥቂት ነው። ሐዲዱ፤ ባቡሩ በዚህ ሰዓት ያልፋል፤ ከመድረሱ በፊት ድምፁ ይሰማል።» ቀና ብሎ አየኝ። «ድልድይና ባቡር። ጎሽ! ማን ነው የላከሽ?»

ያነበበውን ከእሱ አፍ ስሰማው ለእኔም ሌላ ነገር መሰለኝ። እንኳን በዚያ ዘመን፣ በሌላም ጊዜ ቢሆን ድልድይና ባቡር በሰዓት መመዝገብ ያስጠይቃል። ይህ ግን አንድ ቀን እንኳ ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ከፊታቸው አስቀድመው እስከ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ነዱን። ያን ዕለት የቀበሌው ሱቅ ስኳር ያድል ስለነበር ግቢው በሰልፈኛ ተሞልቷል። የሚያውቁኝ ሴቶች ሁሉ ዘወር ብለው አዩኝ። የአክስቴ ጎረቤት እማማ ዘነበች ከሰልፉ መካከል ዘንቢላቸውን እንደያዙ «ኧረ በስመ አብ! ይቺ ልጅ ምን አደረገች?» ሲሉ ሰማሁ።

ሊቀ መንበሩ ደብተሩን ገጽ በገጽ አገላበጠው። በሩ ክፍት ነው፤ የሰልፉ ጫፍ በሩ ሥር ደርሷል።

«የተማርሽ ነሽ አሉ» አለኝ።

«አዎ፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«የተማረ ሰው በጋራ ማረስ፣ በጋራ መማር ሲገባው አንቺ ድልድይ ትቆጥሪያለሽ። ከሰዓት በፊት እውነቱን ካልነገርሽኝ ወደ ከፍተኛው ነው የምልክሽ።»

ከቀበሌ በላይ ወዳለው ከፍተኛ መላክ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከእኛ ሰፈር ተልከው የተመለሱበት ቀን የማይታወቅ ሰዎች ነበሩ።

እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ እውነቱ ደግሞ ከበሩ ሥር በተሰለፈው ጎረቤት ሁሉ ፊት የሚነገር ነው። «ለመቀጣጠሪያ ነው የጻፍኩት» አልኩ። «ከዚህ ሰው ጋር የምንቀመጥበት ቦታ ነው። ሻይ ቤት የምንቀመጥበት ገንዘብ የለንም።»

ከውጪ ሳቅ ተሰማ። ሊቀ መንበሩ ግን አልሳቀም። ወደ ግርማ ዞረ።

«አንተ! እውነት ነው? ወዳጅህ ናት?»

ግርማ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ወዳለው የመሪው ሥዕል አነሣ። ከዚያ በጣም ጥርት ባለ ድምፅ መለሰ። «አላውቃትም። በመንገድ ሳልፍ እረፍት ላደርግ ተቀመጥኩ። ደብተሩ የእሷ ነው።»

ወደ ግርማ ዞርኩ፤ እሱ ዓይኑን ከሥዕሉ አላነሣም።

ረጅሙ ጥበቃ ጠጋ አለኝ። «እንግዲህ ወዳጅሽ አላውቃትም አለ። አሁንስ ምን ልትፈጥሪ ነው?»

«አንብቢ!» አለ ሊቀ መንበሩ ደብተሩን ወደ እኔ እየወረወረ። «ከመጀመሪያው ጀምረሽ፣ ጮክ ብለሽ። እኔ እየሰማሁ እፈርዳለሁ።»

ቆሜ አነበብኩ። «ወንዝ ዳር፣ ከድልድዩ ሥር። ከዛፉ ወደ ምዕራብ ያለው ድንጋይ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ጥላ አለው። ከዚያ በኋላ ወደ ሌላው ጎን መዛወር ያስፈልጋል።»

«እውነቷን ነው!» አሉ እማማ ዘነበች ከበሩ። «እዚያች ድንጋይ ላይ ልብስ አጥባለሁ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ፀሐዩ ጀርባ ይጠብሳል!»

«እማማ፣ ዝም ይበሉ!»

«እውነት ሲነገር ዝም አልልም፣ ጓድ!»

ሳቁ በረታ። ቀጠልኩ። ስለ ጋዜጣው፣ ስለ ቆሎው፣ ስለ ውሻው፣ ላሞቹ ወንዙን ስለሚያደፈርሱበት ሰዓት አነበብኩ። አንዲት ሴት ለጎረቤቷ «ምስኪን! የእኔ ባል እንዲህ ቢጨነቅልኝ» ስትል ሰማሁ። ጆሮዬ ድረስ ቀልቼ እንደነበር አልጠራጠርም። ሊቀ መንበሩ ግን ፊቱ አልተፈታም። «ሁሉም ሽፋን ሊሆን ይችላል» አለ። «ቀጥዪ።»

ገጹን ስገልጥ ኮረብታው መጣ። ልዘልለው ወረቀቱን አነሣሁ።

«አንብቢ እንጂ!»

አነበብኩ። «በላፍቶ በኩል ያለው ኮረብታ። ከሁሉ ይበልጣል። ተሰርዟል። ምክንያቱ፤ መንገዱ ሹል ጠጠር ነው፤ የግርማ የቀኝ ጫማ ከሥር ተቀድዷል፤ በካርቶን ነው የደፈነው። እንዳያፍር ቦታው እንዳለ አልተነገረውም።»

የበሩ ሰልፈኞች አንገታቸውን አሰገጉ።

ሊቀ መንበሩ ወደ ግርማ እግር አየ። «ስምህ ማን ነው ያልከኝ?»

«ግርማ።»

«የቀኝ እግርህን አንሣ።»

ግርማ አላነሣም። ረጅሙ ጥበቃ ጎንበስ ብሎ ቁርጭምጭሚቱን ያዘና እንደ ፈረስ ኮቴ ወደ ላይ ገለበጠው። ግራጫ ካርቶን፣ መሐሉ በወንዝ ጭቃ የራሰ፣ ለሁሉም ታየ።

በዚያች ቅጽበት ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

«ሰላይ የሰው ጫማ አይመዘግብም» አለ ሊቀ መንበሩ በመጨረሻ፣ የተሸነፈ ያህል ተቆጥቶ። ከዚያ በግርማ ላይ ጣቱን ቀሰረ። «አንተን ግን ለምን እንደዋሸኸኝ አላውቅም። ይቺን ልጅ ልታስበላት ነበር እኮ!» የድልድዩንና የሐዲዱን ገጾች ቀደደና መሳቢያው ውስጥ ከተተ። የቀረውን መለሰልኝ። «ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ዋስ ይዛችሁ ቅረቡ።»

አክስቴ ወሬውን ከእኔ በፊት ሰምታ ስለነበር ያን ቀን ምሳዬንም እራቴንም ገበታው ላይ አስቀምጣልኝ ወደ ጓዳ ገባች። ሰኞ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ቀድማኝ ወጣች፤ ዋስ ሆና ፈረመችልኝ። ስንመለስ «የዚያ ልጅ ቀዳዳ ጫማው ላይ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አንሥታ አታውቅም።

ያን ጠዋት ከቀበሌው ስወጣ ግርማ የእሱን ዋስ አስፈርሞ ግቢው በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር። እንቅልፍ ያላየ ሰው ፊት ነበረው። «ፈርቼ ነው» አለ። «ወንድሜን እንደዚያ ነው የወሰዱት። አንቺ ታውቂያለሽ።»

አውቅ ነበር። ዛሬም ሳስበው ፍርሃቱን አልነቅፍበትም፤ በዚያ ዘመን ያልፈራ ሰው አላየሁም። ግን እኔም ፈርቼ ነበር፤ እኔ «አላውቀውም» አላልኩም።

«ለሚመጣው እሑድ የት ብለሻል?» ሲል ጠየቀኝ፣ እንደ ድሮው ለመሳቅ እየሞከረ።

ደብተሩን ገለጥኩ። በኮረብታው ገጽ ላይ ያለውን ሰረዝ በላጲስ ለማጥፋት ሞከርኩ፤ ቀለም ስለነበር አልጠፋም። ስለዚህ ከሥሩ አዲስ መስመር ጻፍኩና አሳየሁት። «እሑድ፣ ሦስት ሰዓት፤ ኮረብታው። በጠጠሩ መንገድ። ብቻዬን።»