አርባ ደቂቃ የቀደመው ስልክ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ "ሪስታርት" ብለው ነው የሚጠሯት። እውነተኛ ስሟን ከሰው ኃይል ክፍል ሌላ የሚያስታውስ ካለ ያስገርማል። ኮምፒውተር ቢቆም፣ ማተሚያው ወረቀት ቢያኝክ፣ የማንም ስልክ ቢፈዝ፣ መጀመሪያ ከአፏ የሚወጣው "አጥፍተው ያብሩት" ነው። አብዛኛው በዚሁ ይድናል። የማይድነው ደግሞ ፀጉሯን ያስነጫታል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የገጠማት የማይድነው ዓይነት ነበር፤ ያውም የራሷ ጉዳይ የተንጠለጠለበት። እናቷ በማግስቱ ጠዋት ኦፕራሲዮን ልትገባ ነው። "ልጄን ዓይኗን ሳላይ አልገባም" ብላ ሐኪሞቹን አስቸግራለች። ወደ እናቷ ከተማ የመጨረሻው አውቶቡስ የሚነሳው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሪስታርት በሠራተኞች አፕ ፈቃድ ከጠየቀችበት ከሰኞ ጀምሮ ጥያቄዋ "በመጠባበቅ ላይ" እንዳለ ተቀምጧል። ፈቃዱ ሳይጸድቅ የሄደ ሰው እንደ ጠፋ ይቆጠራል። ባለፈው የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ እንዲያ አድርጎ ሄዶ፣ ሲመለስ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ነው የጠበቀው።

የሚያጸድቀው ኃላፊው ብቻ ነው። ይህ ሰው "ቀድሞ ደራሽ" ይባላል። ከዓመታት ጀምሮ የስልኩን ሰዓት አሥር ደቂቃ አስቀድሞ ነው የሚኖረው፤ ጠዋት በር ላይ ቆሞ ገቢውን ሁሉ በዓይኑ ይገርፋል። ወረቀት ቀርቶ ሁሉም ነገር በአፕ ይሁን ብሎ ስብሰባ የጠራውም እሱ ነው። አሁን አፑ እሱኑ አላስገባም አለው።

"ልጄ፣ ይሄ ነገር ከሰኞ ጀምሮ ያሾፍብኛል" አላት፣ ስልኩን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ። "ፓስወርድ ይለኛል፣ እሰጠዋለሁ። አሽከርክሮ አሽከርክሮ፣ መልሶ ፓስወርድ ይለኛል።"

"ከሰኞ ጀምሮ ለምን አልነገሩኝም፣ ጋሼ?"

"የሚጠየቅ ኃላፊ ነው እንጂ የሚጠይቅ ኃላፊ የት አየሽ?"

እሷም እንደ ልማዷ "አጥፍተው ያብሩት" አለች። አጠፋ፣ አበራ፣ ፓስወርዱን ጻፈ። አፑ አሰበ፣ አሰበና ፓስወርድ ጠየቀ።

ወደ ሴቲንግ ገብታ የአፑን ካሽ አጸዳች። ካሽ ማለት አፑ ለፍጥነት ብሎ የሚያስቀምጠው ጊዜያዊ ነገር ነው፤ አንዳንዴ ይበላሽና ያሳብደዋል። ይሄኛው ግን ካሹ ቢጸዳለትም እብደቱ አልተወውም። ቀጥላ የአፑን ዳታ በሙሉ ደመሰሰች፤ አብሮ የተቀመጠውም ፓስወርድ ጠፋ። ኃላፊው ፓስወርዱን ከመነጽሩ ማስቀመጫ ውስጥ አውጥቶ አነበበላት። በታናሽ ልጁ ስም ላይ "አንደኛ" የሚል ቃል የተቀጠለበት ነበር። ይህ ሰው ባለፈው ወር ስለ ምስጢር አጠባበቅ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስተምሯል።

"አፕዴት አድርገውታል?"

"እኔ አዲስ ነገር አልወድም።"

አፕዴቱ ወረደ። አፑ ቀለሙን ቀይሮ፣ አምሮና ተውቦ ተከፈተ፤ አሁንም ፓስወርድ ጠየቀ። የግድግዳው ሰዓት አሥር ሊሆን ነው። እናቷ አልጋው ላይ ተቀምጣ በሩን ስታይ ታየቻት፤ እንባዋ እንዳይመጣ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ከዚያ አንድ ነገር ልብ አለች። አፑ አንድም ጊዜ "ተሳስተሃል" አላለም። የተሳሳተ ፓስወርድ ቢሆን ኖሮ ይሰድባቸው ነበር። ይሄ ግን ይቀበላል፣ ያስገባል፣ ወዲያው አንገታቸውን ይዞ ያስወጣል።

"በኮምፒውተሩ ብሮውዘር እንሞክረው" አለች።

የኃላፊው ኮምፒውተር ጥልፍ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ዳንቴሉን የሠሩት ባለቤቱ ናቸው፤ ለእንግዳ ክብር እንጂ ለሥራ ሲገለጥ ያየው የለም። ገለጠችው፣ አቧራውን በእጅጌዋ ጠረገች፣ የገጹን አድራሻ ጻፈች። ያው ስም፣ ያው ፓስወርድ። ገጹ ዓይን ሳይጨፍን ተከፈተ። ከሰኞ ጀምሮ የተከመረ ጥያቄ ወለል ብሎ ታየ፤ የእሷም መሀል ላይ አለ።

"እንግዲያው አካውንቱም ፓስወርዱም ደህና ነው፤ በሽታው ስልኩ ላይ ነው" አለች፤ ወዲያውም "አጽድቅ" የሚለውን ነካችው። ገጹም "ለማጽደቅ በስልክዎ አፕ ያረጋግጡ" አለ። ይህን ድርብ ጥበቃ ያዘዘው ማን ነው ቢባል፣ እዚያው ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ነው።

ዓይኗ ከኮምፒውተሩ ጥግ ላይ ካለው ሰዓት ወደ ስልኩ ሄደ። አሥር ደቂቃ አይደለም ልዩነቱ። አርባ ነው።

"ጋሼ፣ ሰዓቱን ነክተውታል?"

ጉሮሮውን ጠረገ። "ሰኞ ስብሰባ ላይ የፋይናንሱ ኃላፊ ቀደመኝ። ከዚያ ትንሽ ጨመር አደረግሁት።"

ነገሩ ቁልጭ አለላት። "አዩ፣ በትክክል ሲገቡ ሰርቨሩ፣ ዋናው ኮምፒውተር ማለት ነው፣ የግማሽ ሰዓት ማለፊያ ይሰጥዎታል። አፑ ማለፊያው ማለቁን የሚያየው በእርስዎ ስልክ ሰዓት ነው። ስልክዎ ደግሞ አርባ ደቂቃ ቀድሞ ሄዷል። ማለፊያው ገና እጅዎ ላይ ሳይደርስ 'ይሄማ ካለቀ ቆይቷል' ብሎ ያስወጣዎታል። በአሥሩ ደቂቃ ጊዜ ሃያ ደቂቃ ይተርፍዎት ነበር፤ በአርባው ግን አለቀልዎት።"

ኃላፊው አገጩን ይዞ በጥሞና አሰበ።

"ስለዚህ ሰርቨሩ ወደ ኋላ ቀርቷል" አለ። "ደብዳቤ ይጻፍለትና እሱም አርባ ደቂቃ ይቅደም።"

ሪስታርት ሳቋና ለቅሶዋ አንድ ላይ መጣባት። "ሰርቨሩ ልክ ነው። ልክ ያልሆኑት እርስዎ ነዎት" አለች፤ በአምስት ዓመት አንድ ቀንም እንዲህ ተናግራው አታውቅም። "እናቴ ነገ ጠዋት ትቀደዳለች። ሳታየኝ አልገባም ብላለች። እርስዎ የፋይናንሱን ኃላፊ ለመቅደም ብለው እኔን ከእናቴ ሊያስቀሩኝ ነው።"

ቁጣ ጠበቀች። ኃላፊው ግን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በጣቱ ወደ እሷ ገፋው።

ቀንና ሰዓት የሚለውን ከፍታ "በራሱ ያስተካክል" የሚለውን አበራችው። ሰዓቱ አርባ ደቂቃ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። አፑን ከፈተችለት፤ ፓስወርዱን አንድ ጊዜ ጻፈ። አላስወጣውም።

"ታዲያ እኔ በዚህ አርባ ደቂቃ ምን ልሥራበት?" አለ፤ ግራ ገብቶት ነው እንጂ ሲቀልድ አይደለም።

"የእኔን ፈቃድ ያጽድቁበት።"

አረጋገጠ። የእሷ ስልክ ኪሷ ውስጥ ነዘረ። ቦርሳዋን አንስታ፣ አመስግናው በሩ ጋ ስትደርስ ከኋላዋ ተናገረ፤ ዓይኑ ከስልኩ ላይ አልተነሳም።

"እኔ እናቴ ስትሞት አሥር ደቂቃ ነው የዘገየሁት" አላት። "ሩጪ፣ ልጄ። ድረሽላት።"