ሠላሳ አንደኛው ስላይድ

ዕፀገነት አቃቂ ውስጥ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመረች አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ተማሪ ሲያልፍ ጎበዝ ነበር ትላለች፤ ሲወድቅ ግን ጥፋቱን ወደ ራሷ ትወስዳለች። አምና ከሃምሳ ሁለት ተማሪዎቿ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ያለፉት አራት ብቻ ነበሩ። ሩት እንኳ፣ ያቺ የደብተሯ ጠርዝ ሳይቀር በጥያቄ የተሞላው ልጅ፣ በጥቂት ነጥብ ወድቃ ዛሬ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክር ትቀጥላለች። ዘንድሮ ለፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ያለኝን ሁሉ ልሞክር አለች።

የአይሲቲ መምህሩ ሙህሲን ስላይዶቿን ለኤአይ ሰጥታ የመለማመጃ ጥያቄ እንዴት እንደምታስወጣ አሳያት። በአምስት ደቂቃ ሃያ የምርጫ ጥያቄ ከነመልሱ ወጣ። እሷ እኮ ለሃያ ጥያቄ ሁለት ቅዳሜ ትጨርስ ነበር!

ደስታዋ አንድ ቀን ብቻ ቆየ። በማግስቱ ለክፍሉ ብትሰጠው፣ መጽሐፍ ከገዛ ወዲህ ያልገለጠው ተማሪዋ ቃልቤሳ ከሃያ አሥራ ሰባት አመጣ።

«እንዴት ሠራኸው?»

«ቲቸር፣ ረጅሙን እየመረጥኩ ነው» አለ፤ ውሸት አያውቅበትም።

ወረቀቱን ብታየው እውነቱን ነው። ትክክለኛው መልስ ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ስህተቶቹ ሁለት ሁለት ቃል። አንዳንዱ ስህተትማ ጭራሽ ቀልድ ነበር፦ ደም የሚረጨው ሳንባ ነው ይላል። ተማሪን የሚያሳስት ስህተት እንዲህ አይደለም፤ ጎበዙም ቆም ብሎ የሚያስብበት መሆን አለበት።

እንደገና አዘዘችው፦ ምርጫዎቹ በርዝመት ይመጣጠኑ፤ ስህተቶቹ ተማሪዎች በእርግጥ የሚሳሳቱት ይሁኑ፤ ትክክሉ አንድ ብቻ ይሁን። ይኸኛው ሲወጣ ሙህሲን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«አሁን ደህና ነው። ግን ከመስጠትሽ በፊት መልሱን ከመጽሐፉ ጋር አስተያዪው። ይሄ ነገር የሰጠሽውን ያምናል።»

«የገዛ ስላይዴን ምኑን አስተያየዋለሁ?» ብላ ሳቀችበት።

ሰባተኛው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ ተክል የሚተነፍሰው መቼ ነው? ሀ. ቀን ብቻ፤ ለ. ማታ ብቻ፤ ሐ. ቀንም ማታም፤ መ. ሲያብብ ብቻ። መልሱ «ለ» ተብሏል። ክፍሉ በሙሉ «ለ» ብሎ፣ ቃልቤሳ ብቻ «ሐ» አለ። ዕፀገነት በቀይ ሰረዘችበት፤ ረጅሙን ሲያጣ ተደናገረ ብላ።

ወረቀቱን ሲያይ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ እናቴ ብቅል ስታበቅል እጄን ስከትበት በቀትርም ይሞቃል። አምና እርስዎ ነዎት ሙቀቱ ዘሩ ስለሚተነፍስ ነው ያሉን። ማታ ብቻ የሚተነፍስ ከሆነ ቀን ለምን ይሞቃል?»

ክፍሉ ሳቀ። ዕፀገነት አልሳቀችም። ስላይድ ሠላሳ አንድ ፊቷ ድቅን አለ፦ «ቀን ምግብ ይሠራል፤ ማታ ይተነፍሳል።» በጀማሪነቷ፣ እንዲይዙት ብላ ያሳጠረችው የራሷ ዓረፍተ ነገር ነው። ተክል ግን ሌት ተቀን ይተነፍሳል፤ ቀን ምግብ መሥራቱ ስለሚበረታ ትንፋሹ ይሸፈናል እንጂ አይቋረጥም። ይህን ዩኒቨርሲቲ ተምራዋለች። ኤአዩ ደግሞ ስላይዷን አምኖ ስህተቷን መልስ፣ እውነቱን ማሳሳቻ አድርጎታል። አፈረች።

«ቃልቤሳ ልክ ነው» አለች። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ወረቀቶቹን መልሳ ሰብስባ ስታርም የዓሊያ ላይ ቆመች። ዓሊያ ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣ ዝምተኛ ልጅ ናት። «ሐ» ላይ በላጲስ የጠፋ ክብ አለ፤ በምትኩ «ለ» ተከቧል። ጠራቻት።

«አውቀሽው ነበር። ለምን አጠፋሽው?»

«ስላይዱ ላይ ማታ ነው የሚለው፤ እርስዎ ደግሞ አይሳሳቱም።» ዓሊያ ልትወጣ ስትል ዞር ብላ፣ «ቲቸር፣ የአምናዎቹም ይህንኑ ነው የተማሩት?» አለች።

ልጅቷ ስትወጣ ዕፀገነት ስልኳን አውጥታ የአምና ተማሪዎቿን የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተች። ከወራት ወዲህ አንድም ሰው አልጻፈበትም። «ስላይድ ሠላሳ አንድ ስህተት ነው። ተክል ቀንም ማታም ይተነፍሳል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ» ብላ ጻፈች።

ስላይዱን እያረመች ሳለ ስልኩ ጮኸ። ሩት ናት፤ ከፋብሪካው ምሳ ሰዓት ላይ።

«ቲቸር፣ አምና ፈተናው ላይ እኔም ቀንም ማታም የሚለውን ከብቤ ነበር። የእርስዎ ስላይድ ትዝ ሲለኝ ቀየርኩት።»