ለእስክሪብቶ የሚታዘዝ አልጋ

ሰኞ "ሽቦ" የሚሏት ልጅ አክስት ወደ ሥራ ይመለሳሉ። እስከዚያ የአጎቷ አልጋ የሰው ድምፅ መስማት አለበት። ካልሰማ አጎቷ ከጠዋት እስከ ማታ በጀርባቸው ተንጋለው ጣሪያ ሲያዩ ይውላሉ፤ አለዚያም ልጃቸው እንደወሰነችው ሌላ ከተማ ወዳለው ቤቷ ይወሰዳሉ። አጎቷ በበኩላቸው "ከዚህ ቤት በቁሜ አልወጣም" ብለዋል። ሠላሳ ዓመት የአውቶቡስ መሪ የጨበጡ እጆቻቸው፣ ታመው አልጋ ላይ ከወደቁ ወዲህ ብርጭቆ አያነሱም። አፋቸው ግን እንደ ድሮው ነው።

የእህታቸው ልጅ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ናት። "ሽቦ" ያሏትም ያለ ነገር አይደለም፤ ከሲታም ናት፣ ኪሷም ከሽቦ ተለይቶ አያውቅም። አልጋው ሞተር ያለው ነው፤ የሚታዘዘው ግን በእጅ በሚጫኑት ቁልፍ ነበር። በስልክ ሞክረዋል። ስልኩ ድምፃቸውን ሩቅ ወዳለ ኮምፒውተር ልኮ መልስ ይጠብቃል፤ በዚህ ሰፈር ደግሞ ኔትወርኩ እንደ ጉም ነው፣ አለ ሲሉት የለም።

ሽቦ የሠራችው የክብሪት ቀፎ የምታክል የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ኢንተርኔት አትፈልግም። ላይዋ ማይክሮፎንና አንዲት ቺፕ አሉ። ቺፗ በየቅጽበቱ ያለፈውን አንድ ሰከንድ ድምፅ እየወሰደች የትኛው ቀጭን፣ የትኛው ወፍራም ድምፅ መቼ እንደበረታ የሚያሳይ ሥዕል ታወጣለች። ሥዕሉ ከሦስት ትእዛዞች የትኛውን እንደሚመስል ትገምታለች፤ "ከፍ በል"፣ "ዝቅ በል"፣ "በቃ"። እርግጠኛ ስትሆን ብቻ ሞተሩን ታዛለች። ሽቦ ቀድታ ካሰማቻት ድምፆች የተማረችው ሁሉ ተጨምቆ የአንድ ፎቶ ያህል ቦታ አይፈጅም። ሽቦ በጥገና ሱቋ ስትፈትናት ከሃምሳ ትእዛዝ አርባ ስምንቱን በትክክል ለይታለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሰሌዳዋን ከአልጋው ራስጌ አስራ ከሞተሩ ጋር አገናኘቻት።

"ይበሉ ጋሼ።"

"ከፍ በል" አሉ አጎቷ፣ ተሳፋሪ እንደሚጠሩ።

አልጋው ዝም።

"ከፍ በል!"

ዝም። ሽቦ ራሷ ሞከረች። ለእሷም ዝም። "ዝቅ በል" ስትለው ግን እሺ ብሎ ዝቅ አለ።

"መውረድ ብቻ ነው ያስተማርሽው?" አሉ አጎቷ። "ይሄማ ተነሣ ቢሉት የማይሰማ የመንግሥት ሠራተኛ ነው።"

ሽቦ አልሳቀችም። ሱቅ ውስጥ ቺፗ ከሁሉ ይበልጥ የምትለየው "ከፍ በል" ነበር። ከሞተሩ ጋር ያገናኘችበትን ገመድ ፈተሸች፤ ደህና ነው። አክስቷ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው የመድኃኒት ሰዓት የሚጽፉበትን ወረቀት አወጡና የእስክሪብቶአቸውን ጫፍ ጫን አደረጉ። ቀጭ።

አልጋው ከፍ አለ።

ሦስቱም ተያዩ። አክስቷ እንደገና ጫኑ። ቀጭ። አልጋው እንደገና ከፍ አለ።

"አየሽ" አሉ አጎቷ ለሚስታቸው፣ "እዚህ ቤት አንቺን የማይፈራ ዕቃ የለም።"

ሽቦ ግን ግንባሯን በመዳፏ መታች። "ከፍ በል"ን ስትቀዳ ሰሌዳዋ ላይ ያለውን የመቅጃ ቁልፍ ቀጭ እያደረገች ነበር፤ መቶ ሃያ ጊዜ፣ መቶ ሃያ ቀጭታ። ጣቷ ሲደክማት የቀሩትን ሁለቱን ትእዛዞች ያለ ቁልፍ በአንድ ላይ ቀድታ በኮምፒውተር ቆራረጠቻቸው። ቺፗ ቃሉን ትታ ቀጭታውን ተማረች። ሱቅ ስትፈትናትም ከልማድ ያንኑ ቁልፍ ትጫን ነበር።

"ቺፗ ቀላሉን መንገድ ነው የያዘችው" አለች።

"ጎበዝ ተማሪ ናት" አሉ አጎቷ። "እኔም ትምህርት ቤት እንደዚያው ነበርኩ።"

ስህተቱ ከታወቀ ማረም ይቻላል፤ ገና ቅዳሜ ረፋድ ነው። ሰሌዳዋን ከኮምፒውተሯ ጋር በገመድ አያያዘችና ቁልፉ ሳይነካ ያለማቋረጥ እንድትቀዳ አደረገቻት።

"አሁን እርስዎ ይበሉ። እንደተኙ፣ በራስዎ ድምፅ። ሦስቱንም፣ መቶ መቶ ጊዜ።"

"ሦስት መቶ? በፌርማታ እንኳ ይህን ያህል አልጮህኩም።"

ጮኹ። በቀስታ፣ በቁጣ፣ በእንቅልፍ ድምፅ፣ እያሳሉ። ጉሮሯቸው ሲደርቅ አክስቷ ውኃ ሰጧቸው። ከዚያ የአክስቷ ተራ ሆነ፤ እስክሪብቶ ቀጭ፣ በር ጓ፣ ማንኪያ በብርጭቆ፣ ሬዲዮ፣ ተራ ወሬ። ይህ ሁሉ "ትእዛዝ አይደለም" በሚለው ክፍል ገባ። ሽቦ እየቆራረጠች፣ እየሰማች፣ ማንም ሳያዝዛት እየሮጠች ውኃ እያመጣች ዋለች። ከሰዓት ኮምፒውተሩ ድምፆቹን አጥንቶ ጨረሰ፤ አዲሱን ትምህርት በገመዱ ወደ ቺፗ አሳለፈችና ገመዱን ነቀለች።

አክስቷ ሳይጠየቁ እስክሪብቶውን አነሱ። ቀጭ።

ዝም።

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ዝም።

"ከፍ በል" አሉ አጎቷ፣ ድምፃቸው ሰልሎ።

ሞተሩ ጉርር አለ። ትራሱ ከነራሳቸው ተነሣ። "ከፍ በል። ከፍ በል።" ዓይናቸው ከአልጋው አጠገብ ካለው መስኮት ጠርዝ በላይ ሲደርስ "በቃ" አሉ። ቆመ። አውቶቡስ በመንገዱ እያለፈ ነበር።

"በስንተኛ ማርሽ ነው የሚነዳው ይሄ ሾፌር?" አሉ፣ አውቶቡሱን እያዩ። "ሞተሩን ሊገድለው ነው።"

ሰኞ ጠዋት አክስቷና ሽቦ አብረው ወጡ። ሁለቱም ፌርማታው ጋ ሲደርሱ ወደ ቤቱ ዞረው ቆሙ። መስኮቱ ባዶ ነው። አክስቷ እስክሪብቶውን በቦርሳቸው ውስጥ ይዘው ነበር፤ ሳያስቡት ቀጭ አደረጉት።

ከመስኮቱ ጠርዝ የአጎቷ ግንባር ብቅ አለ። ቀጥሎ ዓይን፣ ቀጥሎ አፍንጫ። አፋቸው ሲንቀሳቀስ ከፌርማታው ይታያል። "በቃ" አላሉም፤ አልጋው ሊሄድ እስከሚችለው ድረስ አስነሡት።

"ይሂዱ አክስቴ፣ አውቶቡሱ መጣ" አለች ሽቦ።

አክስቷ ተሳፈሩ።