እጇ ብቻ የሚያውቀው ቁጥር

ልብስ ሰፊዋን መንገዱ ሁሉ «ሬዲዮ» ይላታል። ስሙ የወጣላት በከንቱ አይደለም። ጠዋት ደንበኛ የነገራት ወሬ ቀትር ሳይሆን መንገዱን ጨርሶ ማዶ ይሻገራል። ክፋት የለባትም፤ ወሬ እሷ ጋ ሲደርስ ማደሪያ ስለሚያጣ ነው። ራሷም ታውቀዋለች። «ለእኔ ንገሩኝና ማስታወቂያ አታስነግሩ» ትላለች እየሳቀች፣ እግሯ የስፌት መኪናውን ፔዳል ሳያቋርጥ።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ዓለም እየነጣባት መጥቷል። ቀኝ ዓይኗን ሞራ ሸፍኖታል፣ ግራውም እየተከተለ ነው። ሰው የሚመጣው ከጉም ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ ድምፁ፣ ቀጥሎ የልብሱ ቀለም፣ መጨረሻ ላይ፣ በጣም ከቀረበ፣ አፍንጫው። አንዳንዴ ይህን ትወደዋለች። ጠዋት የመንገዱ መብራቶች ሳይጠፉ ስትደርስ እያንዳንዱ አምፖል ትልቅ ነጭ አበባ ሆኖ ይታያታል፣ ቆማም ታየዋለች። ክሩን በመርፌ ዓይን ለማስገባት አላፊ አግዳሚውን መለመን ሲመጣ ነው አበባው የሚያስጠላት።

ሐኪም ቤቱ ሞራውን የሚገፍላት ሐሙስ ጠዋት ነው። ክፍያው እስከ ረቡዕ ማታ ካልገባ ተራዋ ለሌላ ይሰጣል፣ ቀጣዩ ተራ ደግሞ ከስንት ወር በኋላ እንደሚደርስ የነገራት የለም። በዚያ ሁሉ ወር ውስጥ ግራው ዓይንም ይሄዳል። ለዚህ ያጠራቀመችው ሁሉ ያለው ስልኳ ላይ ነው።

ማክሰኞ ያ ስልክ ውሃ ውስጥ ገባ። ልብስ ከመተኮሷ በፊት የምትረጭበት ባልዲ ከጠረጴዛው ሥር አለ፤ ጎንበስ ስትል ከደረት ኪሷ ሾልኮ እዚያ ውስጥ ጠለቀ። አውጥታ ብታራግፈው፣ በጨርቅ ብትጠቀልለው፣ በሞቀ ካውያ አጠገብ ብታስቀምጠው አልነቃም። ባለቁልፍ አሮጌ ስልክ ነበር፤ ባሏ ከሞተ አራት ዓመት ሲሆነው ስልኩ ግን እስከዚያች ቀን አብሯት ነበር። ደግነቱ የእህቷ ልጅ አምና ያመጣችላት ባለመስታወት ስልክ ሳይነካ በካርቶኑ ተቀምጧል።

ሲም ካርዷን አውጥታ ወደ አዲሱ ልታስገባ ስትል ካርዱ ትልቅ፣ ማስገቢያው ትንሽ ሆነ። እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ስልክ ጠጋኝ ይሄድ ነበር። ሬዲዮ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰፊውን ያጠበበች ሴት ናት። የማስገቢያውን ልክ በጣቷ ዳሰሰች፣ ካርዱ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገች፣ የስፌት ትርፍ እንኳ ሳትረሳ ትንሽ ተወችለት፣ ትልቁን መቀስ አንስታም ቆረጠች። እንደ ቅቤ ተቆረጠ። ከፕላስቲኩ ጋር ወርቃማው ክፍልም ከመሃሉ ለሁለት መሰንጠቁን ያወቀችው አዲሱ ስልክ «ሲም የለም» ማለቱን የጎረቤት ባለሱቅ ሲያነብላት ነው።

ረቡዕ ጠዋት፣ ሁለቱን ቁራጭ በመሀረብ ቋጥራ፣ ወደ ስልክ አገልግሎት ማእከሉ ሄደች። ከበሩ ፊት ለፊት አንድ ጃንጥላ ሥር ካርድ የሚሸጥ ሰውዬ ነበር፤ ለእሷ ጃንጥላው ቀይ ደመና ነው፣ ሰውየው የደመናው ድምፅ። መሀረቡን ስትፈታ አየና ምን እንደገጠማት ጠየቀ። ሬዲዮን መጠየቅ ማለት ቧንቧ መክፈት ነው፤ ባልዲውንም፣ መቀሱንም፣ ሐሙስንም አንድ በአንድ ነገረችው።

«እናት፣ ውስጥ ገብተው ቀኑን ሙሉ ምን አሰለፈዎት?» አላት። «እኔ ጋ በስሜ የወጣ ሲም አለ፤ ሒሳብዎን ወደዚያ አዛውርልዎታለሁ። መታወቂያዎን ይስጡኝና የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩኝ፣ አለቀ።»

መታወቂያውን ሰጠችው። አፏንም ከፈተች። ልትነግረው ነበር፤ በዚህ ምንም ጥርጥር የለም፤ ቸኩላለች፣ ፈርታለች፣ ደግሞም በዕድሜዋ የተጠየቀችውን ነገር ሳትናገር ቀርታ አታውቅም። ከአፏ ግን ምንም አልወጣም። ቁጥሩ እዚያ አልነበረም። አውራ ጣቷ በአየር ላይ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፣ የሚይዘው አጥቶ ቆመ።

«አላውቀውም» አለች፣ እሷው ራሷ ተገርማ።

ሰውየው እንድታስታውስ ለመናት፣ ተቆጣት፣ ቆይቶም መታወቂያውን ትታለት ሄዳ እንድትመለስ ሐሳብ አቀረበ። ያን ጊዜ የሆነ ነገር ከነከናት። ሌባ ይሁን ደግ ሰው እስከ ዛሬ አታውቅም። መታወቂያዋን ከእጁ ተቀብላ ወደ ውስጥ ገባች።

ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ቀጭን ድምፅና የሳሙና ሽታ ነበረች። መታወቂያውን ከፊቷ ጋር አስተያየች፣ የተወለደችበትን ዓመትና ብዙ ጊዜ የምትደውልላቸውን ሰዎች ቁጥር ጠየቀቻት፣ ሲሙ በስሟ መመዝገቡንም አረጋገጠች። ቁርጥራጮቹን ስታይ ግን ሳቋን መያዝ አልቻለችም። አዲሶቹ ካርዶች በሦስት ልክ ተበስተው እንደሚመጡ፣ በጣት ገፋ ማድረግ ብቻ እንደሚበቃ፣ መቀስ እንደማያስፈልግ ነገረቻት። ሬዲዮ ገንዘቤን ቆርጬ ጣልኩት ወይ ብላ ጠየቀች።

«ገንዘብዎ ካርዱም ውስጥ ስልኩም ውስጥ አይደለም፣ እናቴ» አለቻት ልጅቷ። «በስምዎና በቁጥርዎ ድርጅቱ ጋ ነው ያለው። አሮጌውን ካርድ ዘግቼ ያንኑ ቁጥር በአዲስ አወጣልዎታለሁ። የሚስጥር ቁጥርዎም ያው የድሮው ነው። እሱን ለእኔም አይንገሩኝ።»

አዲሱ ካርድ መሥራት እስኪጀምር አንድ ሰዓት ያህል አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧት። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ዓይኗ ውስጥ እንደ ወተት ተደፋ። ሰዎች በወተቱ ውስጥ ይዋኛሉ፤ ጫማቸው ይሰማል፣ እግራቸው አይታይም። እዚያ ውስጥ ባሏ መጣ። ዝምተኛ ነበር፤ እሷ የምትናገረው ለሁለቱም ይበቃል ይል ነበር። ሒሳቡን በስሟ ያስከፈተላት ቀን የሚስጥር ቁጥሩን መረጠና ስልኩን በሰፊ መዳፉ ጋረደው። አውራ ጣቷን ይዞ ከመዳፉ ሥር አስገባው። እዚህ፣ ቀጥሎ እዚህ፣ ወዲያ፣ ከዚያ ወደ ታች። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። ቁጥሩ ስንት ነው ብላ ስትጮህበት «አፍሽ ካወቀው መንገዱ ሁሉ ያውቀዋል፣ እጅሽ ይወቀው» አላት። እሷም ተናደደች፣ ሳቀች፣ ተማረች። ከዚያ ወዲህ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ስፌት ነው፤ ዓይኗ ደህና ሳለም ሳታይ ነበር የምትሠራው።

ስሟ ሲጠራ መዳፉ አሁንም ከእጇ ላይ ያለ መሰላት።

ባለመስታወቱ ስልክ ሰላም ብሎ ተነሳ፣ መስመሩ ገባ፣ ልጅቷ የአገልግሎቱን ዝርዝር ከፈተችላት። የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቀው ጋ ሲደርስ ሬዲዮ አውራ ጣቷን አሳረፈች። መስታወቱ ለሰለሰ። ጉብታ የለ፣ ጎድጓዳ የለ፤ ቁጥሮቹም ከፊደሎቹ በላይ በአንድ መስመር ተደርድረዋል። ሞከረች፣ ተሳሳተ። በድጋሚ ሞከረች፣ ተሳሳተ። ልጅቷ እጇን ያዘቻት። ሦስተኛው ከተሳሳተ ሒሳቡ ይቆለፋል፤ በማመልከቻ ይከፈታል፣ ግን ለዛሬ ላይደርስ ይችላል።

ያን ጊዜ ሬዲዮ አለቀሰች። ባሏን ሁለተኛ የቀበረች መሰላት፤ ያስተማራት እጅ ጠፋባት፣ ዓይኗም ሊከተል ነው። ሁሉንም ለልጅቷ ነገረቻት፣ መዳፉን ጭምር። ልጅቷ ተነስታ ወደ በሩ ሄደች። የተመለሰችው ከዘበኛው ጋር ነው። ዘበኛው ባለቁልፍ ስልክ ነበረው፤ ጀርባው በላስቲክ የታሰረ። የራሱን ካርድ አወጣ፤ የእሷም ተገፍቶ ከወጣበት ትልቅ ክፈፍ ውስጥ ተመልሶ በትልቁ ልኩ ገባ።

«ገንዘቡ የቁጥሩ ነው ብዬዎት የለ?» አለች ልጅቷ። «የትኛውም ስልክ ይሆናል።»

የሐኪም ቤቱን የመክፈያ ቁጥር ከወረቀቱ እያነበበች አስገባችላት፣ የሚከፈለውንም። ስልኩ ላይ የወጣውን የተቀባይ ስም ጮክ ብላ አነበበች፤ የሐኪም ቤቱ ስም ነበር። ከዚያ ስልኩን እጇ ላይ አኑራ ፊቷን አዞረች። ዘበኛውም ሳይነግሩት ወደ ግድግዳው ዞረ።

ሬዲዮ ዓይኖቿን ጨፈነች። አውራ ጣቷ በመሃለኛዋ ቁልፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ጉብታ ዳሰሰች። ከዚያ ማንም አልመራትም፤ እዚህ፣ ቀጥሎ እዚህ፣ ወዲያ፣ ከዚያ ወደ ታች። ስልኩ ትንሽ አሰበ። የመልእክት ድምፅ መጣ፣ ልጅቷም ክፍያው መድረሱን አነበበችላት። ዘበኛው አሁን መዞር ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቀ።

ሐሙስ ሞራው ተገፈፈ፣ በማግስቱ ፋሻው ተነሳ። ሬዲዮ መጀመሪያ ያየችው የአስታማሚዋን የአንገት ልብስ ነበር፣ የተዛነፈ ስፌቱን ወዲያው ነገረቻት። በሳምንቱ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፣ ርካሽ ባለቁልፍ ስልክም ገዛች። ክር አምጪው ሲመጣ ሒሳቡን ልትልክለት ስልኩን አነሳች። አውራ ጣቷ እንደ ልማዱ ሄደ፤ ዓይኗ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከተለው።

አራት ቁጥር። አየቻቸው። ሁለት ሁለት አድርጋ አነበበቻቸው፣ እጇም እዚያው ቀረ።

ክር አምጪውን አቁማ ከመሳቢያው ሥር የመጀመሪያውን የልክ ደብተሯን አወጣች፤ ገና ሥራ ስትጀምር የገዛችውን። ጫፉ ተበልቷል። አንድ ገጽ ላይ፣ አንድ ዝምተኛ ሰው ኮት ሊያሰፋ የመጣ ቀን በእርሳስ የጻፈችው አለ። ትከሻና እጅጌ፣ ሁለት ሁለት አሃዝ፤ እነዚያው አራቱ። ያን ቀን ሜትሩን ትከሻው ላይ ስትዘረጋ ብዙ እንዳወራችና እሱ ፈገግ ብሎ ቁጥሮቹን ብቻ እንደደገመላት ትዝ አላት። ይህን ሁሉ ዓመት ይዟቸው ነበር። ደብተሩን አቅፋ ቆመች።

ስንት እንደሆነ ለእናንተም አልነግርም፤ ደብተሩም አሁን የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ነው።

ክር አምጪው ደነገጠና ምን ሆንሽ፣ ምን አገኘሽ አላት። ሬዲዮ አፏን ከፈተች። አሁን ቁጥሩ አፏ ውስጥ ነበር፣ ከነታሪኩ፣ በዕድሜዋ ካገኘችው ወሬ ሁሉ የሚበልጥ። ሰውየውን አየችው፤ አፍንጫውን፣ ቅንድቡን፣ የሚጠብቁ ዓይኖቹን፣ ሁሉንም ጥርት አድርጋ።

«ምንም» አለች፣ አፏንም ገጠመች።