የቀብዱ ወረቀት

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እዚህ እስራኤል፣ በሃዳር ጋኒም ሰፈር ሳልፍ አንድ ሕንፃ ፊት እቆማለሁ። የምድር ቤቱን የመስኮት ብረቶች የሠራው እሱ ነው። ከፋብሪካ ወጥቶ በራሱ ስም የያዘው የመጀመሪያ ሥራ ነበር።

በጎንደር አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻ የሚያሠራ ሰው ቀብድ ሰጥቶ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ስለሚያውቁት ስለ ቀብዱ የሚያነሳ የለም። ባለቤቴ ያንን ወግ ይዞ መጣ።

የሕንፃው ገንዘብ ያዥ የነበሩት አሮጊት ለሥራው በቃል ሺህ ሸቀል ተስማሙ፤ ሦስት መቶውን በቅድሚያ ለመስጠትም የሒሳብ ወረቀት ጠየቁት። እሱ ብረቱን ሳይነካ ሒሳብ መላክ አሳፍሮት ነበር። ዕብራይስጥ የምጽፈው እኔ ስለነበርኩ፣ ለመስኮት ብረት ቀብድ ሦስት መቶ ብዬ፣ ከሥሩ ማዓም የሚባለውን የሽያጭ ግብር ጨምሬ ጻፍኩለት።

ሥራው ሲያልቅ የመጨረሻውን ሒሳብ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ሺህ ብዬ ስጀምር ብዕሩን በእጁ ያዘብኝ።

«ሰባት መቶ ብቻ በይ። የሰጡኝን እያነሳሁ ልቆጥርባቸው? ነውር ነው።»

ተከራከርኩት፤ ግን ሲያፍር አንገቱን የማቀርቀር ልማድ ነበረው፣ ያንን ሳይ ልቤ አልጨከነም። ሰባት መቶና ማዓሙን ብቻ ጻፍኩ።

ለካ አሮጊቷ ወደ ልጃቸው ቤት ሄደው ኖሯል። በቦታቸው የተተኩት ሰውዬ የሚያውቁት ወረቀቶቹን ብቻ ነው። ሰባት መቶ የሚለውን አዩ፣ ቀብድ የሚለውን አዩ፣ ሰባት መቶው ጠቅላላ ዋጋ መስሏቸው ቀብዱን ቀነሱ። ባለቤቴ የአራት መቶና የማዓሙን ቼክ ይዞ፣ አመስግኖ መጣ። የጎደለው የድካሙ ዋጋ ነበር።

«ለምን አልነገርካቸውም?» አልኩት።

«አልጻፍነውም። በምን ያውቃሉ?»

እያዘንኩ ሳቅሁ፤ እሱም ሳቀ። በማግሥቱ የተሳሳተውን ሒሳብ ከሰውዬው ተቀብለን፣ የተሰረዘ ብዬ ጽፌበት እኛ ዘንድ ከቀረው ቅጂ ጋር አያያዝኩት። በአዲሱ ላይ መጀመሪያ ጠቅላላውን ሺህ፣ ቀጥሎ የቀብዱን ሒሳብ ቁጥር ጠቅሼ ሲቀነስ ሦስት መቶ፣ ከዚያ ቀሪ ሰባት መቶ አልኩ። ማዓሙን በሰባት መቶው ላይ ብቻ አሰላሁ፤ የቀብዱ ማዓም በመጀመሪያው ሒሳብ ተከፍሏልና።

ሰውዬው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርገው በጣታቸው ተከተሉ። የተስማሙበትንም ለማጣራት ለአሮጊቷ ደወሉላቸው።

«በሰደር፣ ልክ ነው» አሉ ስልኩን ዘግተው፤ ወደ ባለቤቴም ዞር ብለው፣ «አንተ ቀብድህን ደብቀህ እኔን ቀማኛ ልታደርገኝ ነበር።»

የጎደለውን ቼክ እዚያው ጻፉ። ስንወጣ የሁለተኛውንም መግቢያ የመስኮት ብረቶች እንዲሠራ ጠየቁት።

ቤት ስንደርስ ብረት ሊገዛ ኮቱን እንደለበሰ በሩ ላይ ቆመ።

«የቀብዱን ሒሳብ አትጽፊም እንዴ?» አለኝ።