«አንቺ መናኸሪያ ወጥተሽ»

ያ መልእክት ትዝ ሲለኝ እስካሁን ደሜ ይፈላል።

የቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አራት ነበርን፤ አዲስ ቅዳም ከእናታችን ጋር የሚኖረው ወንድማችንና እንጅባራ ያለነው ሦስት እህትማማቾች። እኔ መካከለኛዋ ነኝ። እናታችን ዓይኗን ሞራ ሸፍኖት ሰው የምትለየው በድምፅ ነበር። ለአንድ ጠዋት ብቻ እንጅባራ የሚመጣ የዓይን ሐኪም ዘንድ በስንት ደጅ ጥናት ቀጠሮ አገኘንላት።

በዋዜማው ከሰዓት ወንድሜ ጻፈ፦ «እማዬን ጠዋት አንድ ሰዓት ሚኒባስ ላይ አሳፍራታለሁ። አንቺ መናኸሪያ ወጥተሽ»። በቃ። ቀጣዩን ብንጠብቅ አልመጣም። ስም አልጠራ፣ ከማናችንም ጽሑፍ ጋር በመልስነት አላያያዘው። ብደውል ስልኩ ዝግ ነው።

ምርመራዬን ጀመርኩ። ከእሱ መልእክት በፊት የጻፈችው ታላቄ ናት፤ «ካርዷን እንዳትረሳ» ብላለች። ስለዚህ የመለሰው ለእሷ ነው። ቤቷም ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ታላቄ ደግሞ ባለፈው እማዬን የተቀበለቻት ታናሻችን ስለሆነች ለእሷ ነው ብላ ተኛች። ታናሻችን ደግሞ ቀጠሮውን ያስያዝኩት እኔ በመሆኔ ለእኔ የተጻፈ መሰላት። ሦስታችንም ማስረጃችን እጃችን ላይ ነበር።

«ለእኔ ነው?» ብሎ መጻፍ ምን ነበረበት? በእኛ ቤት ግን እንዲህ ብሎ የጠየቀ እናቱን የሚሸሽ ነው። አንድ ጊዜ ጠይቄ ታላቄ ዓመት ሙሉ ስታነሳብኝ ከርማለች። ሳልጠየቅ «እኔ እሄዳለሁ» ብል ደግሞ «ታላቅ እያለ» ልባል ነው። ጽፌ አጠፋሁ፣ ጽፌ አጠፋሁ፤ መጨረሻ ላይ ስልኩን አስቀመጥኩት። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ወንድሜ ባትሪው አልቆበት ኖሮ ጠዋት ስልኩን ሲከፍት ከጽሑፉ ሥር የተነበበ ምልክት አየና ተረጋጋ። ግሩፕ ላይ ያ ምልክት የሚመጣው አንድ ሰው ብቻ ቢያነበውም ነው። ምልክቱ ብቻውን ማን እንዳነበበው አይናገርም። ዓረፍተ ነገሩን አለመጨረሱንም ልብ አላለም።

ስድስት ሰዓት ላይ ደወለልኝ። «ሐኪሙ ምን አላት?»

ባጃጅ ይዤ እየበረርኩ ለእህቶቼ ደወልኩ። ሦስታችንም መናኸሪያው በር ላይ ተገናኘን፤ «ለአንቺ አልነበር እንዴ?» እየተባባልን ገባን። እናታችን በብርዱ ጋቢዋን ተከናንባ፣ ካርዷን በእጇ ይዛ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ተራዋ ካለፈ ቆይቷል፤ ሐኪሙም ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። እኛ ግን እዚያው ፊቷ ቆመን ስልክ እያሳየን እንጨቃጨቃለን። እንዲያ ያናደደኝ ነገር በዕድሜዬ የለም፤ ከሁሉም የራሴ ድምፅ።

«ወንድማችሁ ማንኛችሁ እንደምትመጡ አልነገረኝም» አለች እናታችን ወደ ድምፃችን ዞራ። «ሴት ባለፈች ቁጥር የሦስታችሁንም ስም ስጠራ ዋልኩ።»