ስልኬ የሚያውቀው የልጄን ጣት ነበር

ሴራሚክ አንጣፊ ሰው አሻራ የለውም። ሲሚንቶ ሃያ ዓመት ሲበላው ጣት እንደ ተላገ ጣውላ ልሙጥ ይላል። ሌባ ብሆን ኖሮ ማንም አይዘኝም ነበር፤ ምን ዋጋ አለው፣ ሩጫ አልችልም።

በጣት የሚከፈት ስልክ የገዛሁ ጊዜ ታዲያ ስልኩ እምቢ አለኝ። አውራ ጣቴን ብጫንበት፣ ምራቅ ባስነካው፣ ወይ ፍንክች። በቁጥር ክፈተው ቢሉኝ ቁጥሩን እረሳዋለሁ። ያኔ አሥረኛ ክፍል የነበረችው ልጄ፣ "አባ፣ የኔን ጣት እናስገባበት" አለችኝ። አስገባች። ቀን ቀን ኮምቦልቻ ሥራ ላይ ስሆን የሚደወልልኝን ማንሳት ብቻ ነው። ማታ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ቤቴ ስገባ ስልኩን ለልጄ አቀብላታለሁ፤ ትከፍትልኛለች። የባንኩንም ሚስጥር ቁጥር እንዳልረሳው የተወለደችበትን ዓመት አድርጋልኛለች። የገዛ ስልኬ ውስጥ እንግዳ ነበርኩ፣ ባጭሩ።

ውርርዱን የጀመርኩት ለጨዋታ ነው። ደሴ ፒያሳ አንድ የኳስ ውርርድ ቤት ተከፍቶ ነበር። በሩ ላይ ከሃያ አንድ ዓመት በታች ክልክል ነው ይላል። እኔ ሃያ አንድን ካለፍኩ ቆይቻለሁ፣ በመታወቂያዬና በስልክ ቁጥሬ አካውንት አወጣሁ። ስልኬ ላይ ያስገባችልኝ ልጄ ናት፤ የይለፍ ቃሉንም የመረጠችው እሷ። ቡድኖቹንም ቢሆን እሷ ነበረች የምትመርጥልኝ። ማን እንደተጎዳ፣ ማን ከሜዳው ውጪ እንደሚጫወት ታውቃለች። ሥራ ቦታ "የኔ ፕሮፌሰር" እያልኩ እጎርርባት ነበር።

ሰኞ ገበያ ጨርቅ የምትሸጠው ባለቤቴ ግን አልሳቀችም።

"ሐራም ነው። ደግሞ ልጅቷን ይዘህ!"

"ሃያ ብር እኮ ናት። ሐራም ለመሆንም አታንስም?"

"ሳቅ አንተ። ሳቅ።"

ለልጄ አልሰጋሁም ነበር። እኛ ሰፈር ሴት ልጅ ውርርድ ቤት በር ላይ ብትቆም፣ እሷ ቤት ሳትደርስ ወሬው ይደርሳል። ስልክ ውስጥ ጎረቤት እንደሌለ አላሰብኩም።

አንድ ቅዳሜ በውርርድ የበላሁትን ሁለት መቶ ብር ልወስድ ፒያሳ ሄድኩ። ገንዘብ ከፋይዋ ልጅ እግር ናት፣ መታወቂያዬን እያየች ቀለደችብኝ።

"ጋሼ፣ በርትተዋል እኮ! ሥራ ላይ ሆነውም አይለቁም?"

"ምኑን?"

ኮምፒውተሯን አዞረችልኝ። ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት። ሐሙስ አምስት ሰዓት። አርብም እንደዚያው።

"አራት ሰዓት ላይ እኔ ኮምቦልቻ የሰው ሽንት ቤት ውስጥ ተንበርክኬ ነው ያለሁት" አልኳት።

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ እኔ አቆምኩ።

"የይለፍ ቃልዎን የሚያውቅ ሰው አለ?" አለችኝ። "ካወቀ በሌላ ሰው ስልክም ይገባል።"

አካውንቱ ውስጥ የገባው ብር ከባንኬ የሄደ ነው፣ ሁሉም ማታ ማታ። ባለቤቴ ጨርቅ ልታመጣበት እኔ ጋ ያስቀመጠችው ነበር። ጨርሶ አልቋል ለማለት ትንሽ ነው የቀረው። የባንኩ መልእክት ለምን አልደረሰኝም አልልም፤ ስልኩን የምትከፍተው ልጄ፣ መልእክቱን የምታጠፋውም እሷ።

ከፋይዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ጋሼ፣ ልጅ ከሆነ አሁኑኑ ይንገሩኝ። አካውንቱን አግደዋለሁ፤ ክፍት ያለው ቲኬት ይሰረዛል፤ ለዋናው ቢሮ እንጽፋለን። የተበላው ይመለሳል ብዬ ግን ቃል አልገባም፣ በስምዎ ነው።"

"ክፍት ቲኬት አለ እንዴ?"

"አንድ ጨዋታ ነው የቀረው፣ ዛሬ ማታ።"

ቢያሸንፍ የሚከፈለውን አየሁ። የጨርቁን ብር መልሶ ይተርፋል።

"ቲኬቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ" አልኳት። "እርጅና ነው፣ ረስቼው።"

ቤት ስደርስ ልጄ ደብተሯን ዘርግታ ተቀምጣለች።

"አይቼዋለሁ" አልኳት።

ፊቷ አመድ ለበሰ። "አባ፣ ልመልሰው ብዬ ነው። መጀመሪያ ትንሽ ነበረች... ልመልሳት ስል..." አለችና አለቀሰች።

አባት የሆነ ሰው እዚህ ላይ የሚለው አያጣም። እኔ ያልኩት ግን ይሄ ነው፦ "ማታ የሚጫወተው ማን ነው?"

ቀና ብላ አየችኝ። እንባዋ አልደረቀም፣ ዓይኗ ግን በርቷል።

አብረን አየነው። እናቷ ከጓዳ ኢሻ እየሰገደች ነበር። ሊያልቅ ሲል ጎሉ ገባ፤ አባትና ልጅ ተቃቅፈን ዘለልን።

"ምን ሆናችሁ?" አለች እናቷ ሰላቷን ስትጨርስ።

"አይጥ ነው" አልኳት።

ሰኞ ብሩን ልወስድ ሄድኩ። ከፋይዋ አልቀለደችም። "እርስዎ ነዎት የቆረጡት፣ ጋሼ?"

"ወላሂ እኔ ነኝ" አልኩ።

ብሩን ባንክ መለስኩ። ማታ ልጄን በጣቴ እያስፈራራሁ፣ "ደግመሽ ብትነኪው!" አልኳት። የይለፍ ቃሉን እንድትቀይርልኝም ስልኩን ሰጠኋት። ለማን? ለሷው ለራሷ። ይሄን ለሰው ባወራሁ ቁጥር ይስቃል፤ እኔም መጀመሪያ አብሬ እስቃለሁ።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ባለቤቴ ጨርቅ ልታመጣ ስትል አብረን ባንክ ሄድን። ብሩ የለም። በዚያው ሰሞን ልጃችን ለፈተና አጥናለሁ እያለች ትምህርት ቤት ሳትገባ ጓደኛዋ ቤት ስልክ ላይ እንደምትውል ሰማን። እኔ ቤት ስገባ ጮህኩ፤ እጄንም አነሳሁ።

ልጄ አልሸሸችም፣ አላለቀሰችም። "ያኔ አብረን ዘለልን እኮ፣ አባ" አለችኝ።

እጄ አየር ላይ ቀረ።

በማግሥቱ ይዣት ፒያሳ ሄድኩ። ከፋይዋ ፊት ቆሜ፣ "ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ነው። የአሁኑም እሷ ናት፣ የዚያን ጊዜውም። በውሸት ነው የማልኩት" አልኩ። ከፋይዋ ልጄን አየቻት፣ እኔን አላየችኝም። አካውንቱን ዘጋችው። በኔ ቁጥርና መታወቂያ ዳግም እንዳይከፈት የሚል ወረቀት አስፈረመችኝ፤ ለዋናው ቢሮም ጻፈች። መልሱ ቆይቶ መጣ፦ አካውንቱ ተዘግቷል፤ ገንዘቡ አይመለስም፣ ባለአካውንቱ ቀድሞ ሲጠየቅ ውርርዱ የራሴ ነው ብሏል።

ባንኩ ጋ ሚስጥር ቁጥሬን ራሴ ቀየርኩ፤ በቀን የሚወጣውን ብር አስቀነስኩ፤ መልእክቱ ለባለቤቴም እንዲደርሳት አስደረግሁ። አንድ ስልክ ጠጋኝ የልጄን ጣት አጠፋልኝ፤ የውርርዶቹ ገጾች እንዳይከፈቱም ዘጋቸው።

"አብሽሩ፣ አይዞዎት" አለኝ። "ግን የሰው ስልክ ብትዋስ ይሄ አያቆማትም። ያው ከሷ ጋር ማውራት ነው።"

ማውራት! በሳቅ አገር የማፈርሰው ሰውዬ፣ ከልጄ ጋር የማወራው ጠፋኝ። ማታ ማታ እቀመጣለሁ፣ ትቀመጣለች። "ዛሬ አማረሽ?" እላታለሁ። አንዳንዱን ቀን "አዎ" ትለኛለች። ኳስ ቤታችን አይከፈትም።

ፈተናውን አላለፈችም። እናቷ ጋ ሰኞ ገበያ ጨርቅ ታጥፋለች፤ ገዢ ሒሳብ ሊከፍል ሲመጣ ራሷ ዘወር ትላለች።

አሁን ስልኬን የምከፍተው በቁጥር ነው። ቁጥሩን አልረሳም። መነጽሬን አድርጌ፣ በዚህ ልሙጥ ጣቴ አንድ አንድ እያልኩ እነካለሁ። አትይ ብያት አላውቅም። ስልኩን ከኪሴ ሳወጣ ግን ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፣ ጨርሼ እስካስቀምጠው ድረስ።